ፎቶው ለእርስዎ ጥርት ብሎ እየታየ ሞዴሉ 38ን ለምን 33 ብሎ ያነባል?

ጥያቄ፦ «ከቱሉ ዲምቱ አለፍ ብሎ የግንባታ ዕቃ መሸጫ አለኝ። ሾፌሮች ይዘውት የሚመጡትን የዕቃ ማስረከቢያ በስልኬ ፎቶ አንስቼ ለአንድ የቋንቋ ሞዴል እሰጥና ደምርልኝ እለዋለሁ። ወረቀቱ ምን እንደሆነ፣ ማኅተሙ የት እንዳረፈ ሳይቀር በትክክል ይነግረኛል። ቁጥር ላይ ግን ይሳሳታል፤ 38 ኩንታል ሲሚንቶን 33 ይላል፣ የባለ 12 ፌሮን ብዛት ለባለ 8 ይሰጣል። እኔ ፎቶውን ስልኬ ላይ ሳጎላው ቁጥሩ ጥርት ብሎ ይታያል። ሞዴሉ መጀመሪያ ፎቶውን ወደ ጽሑፍ ቀይሮ ነው የሚያነበው? ‹ደግመህ እይ› ስለውስ ለምን ሌላ ስህተት ያመጣል?»

ምላሽ፦ ወደ ጽሑፍ አይቀይርም። ጽሑፍን ከምስል የሚለቅም የተለየ ፕሮግራም አስቀድመው የሚያስኬዱ መተግበሪያዎች አሉ፤ እርስዎ የገለጹት ግን የእነሱ ጠባይ አይደለም። እንዲህ ያለው ፕሮግራም ማኅተሙ የት እንዳረፈ አይነግርዎትም ነበር። የእርስዎ ሞዴል ምስሉን በቀጥታ ይቀበላል፤ ሆኖም የሚቀበለው እርስዎ ስልክዎ ላይ የሚያጎሉትን ፎቶ አይደለም። እጁ ላይ የሚደርሰው ከፎቶው ከተሠራ ያነሰ ቅጂ የወጡ፣ በመቶዎች ወይም በሺዎች የሚቆጠሩ የቁጥር ዝርዝሮች ናቸው። ከዚያ በኋላ የሚያስበው ሁሉ በእነዚህ ዝርዝሮች ላይ ነው። የስህተቶችዎ ምንጭ ዝርዝሮቹ የሚዘጋጁበት መንገድ ስለሆነ እሱን ልተንትን።

ለማብራሪያ የምወስደው በ2023 የወጣውን ላቫ 1.5 የተባለ ሞዴል ነው። ዛሬ ካሉት ጋር ሲወዳደር ትንሽ ነው፤ ነገር ግን አሠራሩ ለሁሉም ክፍት ስለሆነ እያንዳንዱን እርምጃ በቁጥር ማሳየት ይቻላል። በክፍያ የሚቀርቡት ትልልቅ ሞዴሎች ውስጣቸውን ሙሉ በሙሉ ባያሳዩም፣ ምስልን በቁራጭ የመመልከቱ መሠረታዊ ሐሳብ፣ በ2020 የጎግል ተመራማሪዎች ካቀረቡት ሥራ ወዲህ በሰፊው የተለመደ ነው።

የመጀመሪያው እርምጃ ማሳነስ ነው። ስልክዎ ያነሳው ፎቶ 3000 በ4000 ፒክስል ነው እንበል። እያንዳንዱ ፒክስል የቀይ፣ የአረንጓዴና የሰማያዊ መጠንን የሚገልጹ ሦስት ቁጥሮች አሉት። ላቫ 1.5 የሚቀበለው ግን 336 በ336 ፒክስል የሆነ አራት ማዕዘን ምስል ብቻ ነው። ስለዚህ 4000 የነበረው ቁመት 336 እስኪሆን ድረስ ፎቶው በሙሉ 12 ጊዜ ያህል ያንሳል፤ ወርዱ 252 ፒክስል ብቻ ስለሚሆን የቀረው ጎን በባዶ ቀለም ይሞላል። ሁለተኛው እርምጃ መቁረጥ ነው። ያነሰው ምስል 14 በ14 ፒክስል በሆኑ ቁራጮች ይከፈላል፤ በአግድም 24፣ በቁመት 24፣ በድምሩ 576 ቁራጮች ይሆናሉ። ቆራጩ በወረቀቱ ላይ ምን እንዳለ አያውቅም። መስመሩ በቁጥር መካከል ይለፍ፣ በማኅተም ላይ ይለፍ ግድ የለውም።

ከዚያ እያንዳንዱ ቁራጭ ወደ ቁጥር ዝርዝር ይለወጣል። በአንድ ቁራጭ ውስጥ 14 ጊዜ 14 ፒክስል፣ ለእያንዳንዱ ሦስት ቀለም፣ በድምሩ 588 ቁጥሮች አሉ። እነዚህ በሥልጠና በተገኘ የማባዣ ሠንጠረዥ አልፈው 1024 ቁጥሮች ያሉት ዝርዝር ይሆናሉ። በዝርዝሩ ላይ ቁራጩ ከምስሉ የትኛው ቦታ እንደመጣ የሚያመለክቱ ሌሎች ቁጥሮች ይደመሩበታል፤ ይህ ባይደረግ ኖሮ ሞዴሉ የወረቀቱን ራስጌ ከግርጌው መለየት አይችልም ነበር። እዚህ ላይ ልብ ይበሉ፤ 588 ወደ 1024 ሲሄድ የሚጠብ ነገር የለም። ዝርዝር መረጃ ጠፋ ከተባለ በመቁረጡ ላይ አይደለም፤ አስቀድሞ በማሳነሱ ላይ ነው የጠፋው።

አሁን የእርስዎን ወረቀት በዚህ መንገድ እናሳልፈው። የዕቃ ማስረከቢያው ባንኮኒ ላይ ተቀምጦ ከላይ ተነሥቷል፤ ወረቀቱ የፎቶውን ቁመት ግማሽ ያህል ይዟል፣ የቀረው ባንኮኒው፣ ካልኩሌተሩና የእጅዎ ጥላ ነው። በፎቶው ላይ በእጅ የተጻፈ አንድ አኃዝ ቁመቱ 40 ፒክስል አካባቢ፣ ከአንድ መስመር እስከ ቀጣዩ ያለው ርቀት ደግሞ 70 ፒክስል ገደማ ይሆናል። በስልክዎ አጉልተው ሲያዩ የሚያነቡት ይህን ነው፤ ደህና አድርጎ ይነበባል። 12 ጊዜ ካነሰ በኋላ ግን አኃዙ ከሦስት ፒክስል ጥቂት ብቻ ይበልጣል፤ የመስመሩ ርቀትም ወደ ስድስት ይወርዳል። በሦስት ፒክስል ቁመት ውስጥ 8ን ከ3 የሚለየው የግራ ጎን መዘጋት ከወረቀቱ ቀለም ጋር ተቀላቅሎ ይቀራል።

በዚያ ላይ የአንድ ቁራጭ ቁመት 14 ፒክስል ስለሆነ፣ ከወረቀትዎ ሁለት መስመር ከነትርፉ አንድ ቁራጭ ውስጥ ይገባል። የቁራጩ ወርድ ደግሞ የ‹ብዛት› ዓምድን ለመሸፈን ይበቃል። ስለዚህ የባለ 12 ፌሮ ብዛትና ከሥሩ ያለው የባለ 8 ፌሮ ብዛት አንድ ቁራጭ ላይ፣ ማለትም አንድ ዝርዝር ውስጥ፣ አብረው ገብተዋል። በላቫ መጠን ብዛት ከመስመር ወደ መስመር የሚዛወርበት ዋና ምክንያት ይህ ነው። ሙሉ ሰነድዎ ከ576ቱ ቁራጮች መቶ ያህሉን ብቻ እንደያዘም ያስቡ። የቀሩት ባንኮኒውንና ባዶውን ጎን የሚገልጹ ናቸው።

ቁራጮቹ ለየብቻቸው ሆነው አይቀሩም። ምስል አንባቢው ክፍል ውስጥ ከሃያ በሚበልጡ ንብርብሮች ያልፋሉ፤ በእያንዳንዱ ንብርብር ላይ እያንዳንዱ ቁራጭ ከሌሎቹ ጋር ይነጻጸራል፣ ከሚዛመደውም ይወስዳል። አንዲት ሰማያዊ ቅስት ያለችበት ቁራጭ፣ ጎረቤቶቿም ቅስት እንደያዙ ስታገኝ፣ የክብ ማኅተም አካል መሆኗን የሚገልጽ ነገር ዝርዝሯ ውስጥ ይገባል። በዚህ መንገድ ሲወጣ ዝርዝሩ ከቀለም መግለጫነት ወደ ትርጉም መግለጫነት ያድጋል። ዋጋ ግን አለው፤ አብረው የተፈጩ ጤፍና ማሽላ እንደማይለያዩ ሁሉ፣ ተቀላቅሎ የወጣውን ዝርዝር የትኛው ነጥብ ከየት እንደመጣ መልሶ ለመለየት አስቸጋሪ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የማይነገር ነገር አለ፤ እኔ ግን ከማሳነሱ ቀጥሎ ዋናው ምክንያት እሱ ይመስለኛል። በላቫ ውስጥ ያለው ምስል አንባቢ የተወሰደው ኦፕንኤአይ በ2021 ካወጣው ክሊፕ ከተባለ ሞዴል ነው። ክሊፕ የሠለጠነው ከኢንተርኔት በተሰበሰቡ 400 ሚሊዮን የምስልና የመግለጫ ጥንዶች ነው። ሥራው ምስሉን ከራሱ መግለጫ ጋር ማጣመርና ከሌሎቹ መግለጫዎች መለየት ነበር። አንድ ሰው የደረሰኝ ፎቶ ለጥፎ ከሥሩ ምን ብሎ ይጽፋል? «ጠረጴዛ ላይ ያለ ደረሰኝ» ይላል እንጂ በስድስተኛው መስመር ላይ 38 እንዳለ አይጽፍም። ስለዚህ ሥልጠናው የሸለመው የነገሩን ዓይነት፣ ቀለሙንና አቀማመጡን መያዝን ነው፤ ጥቃቅን አኃዞችን መያዝ ያን ያህል ነጥብ አላስገኘም። የእርስዎ ሞዴል ወረቀቱን አውቆ ቁጥሩን የሚስተው ግማሽ ሰነፍ ግማሽ ጎበዝ ሆኖ አይደለም። አንዱን እንዲያውቅ ተገፍቷል፣ ሌላውን እንዲያውቅ ግን እምብዛም አልተገፋም። ከዚያ ወዲህ የወጡ ሞዴሎች በሰነድና በሠንጠረዥ ምስሎች ጭምር ስለሚሠለጥኑ ክፍተቱ ጠብቧል፤ አልተዘጋም። በእጅ የተጻፈ አማርኛ ደግሞ በሥልጠናው ውስጥ ከእንግሊዝኛ ጋር ሲነጻጸር እጅግ ጥቂት ነው።

ምስሉ ከቃላት ጋር የሚገናኘው በመጨረሻው እርምጃ ነው። የቋንቋ ሞዴሉ እርስዎ የጻፉትን ጥያቄም ቢሆን በፊደል አያየውም። ጽሑፉ ቶክን ወደሚባሉ ቁርጥራጮች ይከፈላል፤ እያንዳንዱ ቶክንም የራሱ የቁጥር ዝርዝር አለው፤ በዚህ ሞዴል አነስተኛው መጠን ላይ የዝርዝሩ ርዝመት 4096 ነው። ከምስሉ የመጡት ዝርዝሮች 1024 ቁጥር ብቻ ስላላቸው በቀጥታ አይገጥሙም። በመካከል ያለ ትንሽ አሸጋጋሪ እያንዳንዳቸውን ወደ 4096 ይለውጣቸውና የቃላት ዝርዝሮች በሚገኙበት የቁጥር ዓለም ውስጥ ያስቀምጣቸዋል። ከዚያ 576ቱ የምስል ዝርዝሮችና የጥያቄዎ ቶክኖች በአንድ ሰልፍ ይገባሉ። ከዚህ በኋላ ለሞዴሉ በሁለቱ መካከል የሚለይ ግድግዳ የለም፤ «ሲሚንቶ ስንት ነው?» የሚለው ጥያቄ ሲቀርብ መልሱን የሚሠራው ክፍል በዚያው ስሌት የቀደሙትን ቃላትም የምስል ቁራጮችንም ይመለከታል፣ የሚዛመደውን ይበልጥ ያደምጣል። በዚህ መካከል «የዕቃ ማስረከቢያ፣ ሲሚንቶ፣ 38» ተብሎ የተጻፈ ሰነድ የትም አይኖርም።

ታዲያ ዝርዝሩ ብዥ ካለ ለምን «አልታየኝም» አይልም? የቋንቋ ሞዴል ሥራው ቀጣዩን ቶክን መምረጥ ስለሆነ ነው። ምስሉ የሰጠው ፍንጭ ሲደክም በጽሑፍ የተማረው ልማድ ክፍተቱን ይሞላዋል። የዕቃ ስም ላይ ይህ ይጠቅማል፤ «ሲሚ» ካለ በኋላ ከፌሮና ከቆርቆሮ ጋር በአንድ ወረቀት የሚጻፈው ሲሚንቶ መሆኑን ለመገመት ፊደሉን ሁሉ ማየት አያሻውም። ቁጥር ላይ ግን የሚደግፈው ነገር የለም። 38 ኩንታልም 33 ኩንታልም እኩል ሊሆኑ የሚችሉ ናቸው። ስለዚህ ስሞቹ ሁሉ ትክክል ሆነው ማግኘትዎ ቁጥሮቹም ትክክል ለመሆናቸው ማስረጃ አይደለም። አደገኛው ነገር ይህ ነው፤ ስሞቹ የቁጥሮቹን ድክመት ይሸፍኑታል፤ የመልሱ አነጋገርም ሲያውቅና ሲገምት ልዩነት የለውም።

«ደግመህ እይ» የሚለውም እዚሁ ላይ ይፈታል። ምስሉ ወደ ዝርዝር የተለወጠው አንድ ጊዜ ነው። በሁለተኛው ጥያቄ ሞዴሉ እነዚያኑ ዝርዝሮች እንደገና ይመለከታል እንጂ ወደ ፎቶው ተመልሶ አያጎላም። የጠፉት ፒክስሎች በትዕዛዝ አይመለሱም። የሚለወጠው ንግግሩ ነው፤ መልሱን እንደተጠራጠሩ ስለሚረዳ ሌላ ግምት ያቀርባል፣ አንዳንዴም ትክክል የነበረውን ጭምር ያበላሻል። ሞዴሉ ራሱ ፎቶውን ቆርጦ እንዲያጎላ መሣሪያ የሚሰጡ አዳዲስ መተግበሪያዎች አሉ፤ እነሱ በእርግጥ ደግመው ያያሉ። የእርስዎ ከእነሱ አንዱ ቢሆን ኖሮ የሁለተኛው መልስ ስህተት ይቀንስ ነበር እንጂ ቦታ አይቀይርም ነበር።

አሁን ያሉት ትልልቅ ሞዴሎች ከ336 ፒክስል በጣም የሰፋ ምስል ይቀበላሉ፤ ረዥሙን ጎን እስከ 1500 ፒክስል አካባቢ የሚፈቅዱ አሉ። በዚህ መጠን የእርስዎ 40 ፒክስል አኃዝ ወደ 15 ይወርዳል፤ ደማቅ ጽሑፍ ከሆነ ይነበባል፣ የካርቦን ቅጂ ከሆነ ያወላውላል። ስህተትዎ በሁሉም መስመር ላይ ሳይሆን አልፎ አልፎ መሆኑ እዚህ ድንበር ላይ እንዳሉ ይጠቁማል። ሌሎች ደግሞ ፎቶውን በጥቂት ትልልቅ ክፍሎች ከፍለው እያንዳንዱን ለብቻው ያነባሉ፣ ከእነሱ ጋር የጠቅላላውን ፎቶ ያነሰ ቅጂ ይጨምራሉ። አራት ክፍልና አንድ ጠቅላላ ቅጂ ከሆነ፣ በላቫው መጠን 576 በአምስት ተባዝቶ 2880 ዝርዝር ይሆናል። ጥራቱ ይጨምራል፤ ሂሳቡም ይጨምራል፣ ምክንያቱም የሞዴል ክፍያ በቶክን የሚቆጠር ከሆነ የምስል ቁራጮችም ይቆጠራሉ። አንድ መስመር በሁለት ክፍሎች ድንበር ላይ ከወደቀ ደግሞ የዕቃው ስም በአንዱ፣ ብዛቱ በሌላው ሊቀር ይችላል።

ከዚህ ተነሥቼ የምመክርዎት አንድ አሠራር ነው፤ ሙሉ ወረቀቱን በአንድ ፎቶ መስጠትዎን ያቁሙ። ስልክዎን አቅርበው፣ መስመሮቹን አምስት ስድስት እያደረጉ፣ በተለያየ ፎቶ ያንሱ። ሲያነሱ የሚወስነው ረዥሙ ጎን መሆኑን አይርሱ። የወረቀቱን ሙሉ ወርድ የያዘ ጠባብ ፎቶ ወደ 336 ሲያንስ አንድ መስመር 16 ፒክስል ብቻ ይደርሰዋል፤ ከአንድ ቁራጭ ቁመት ጥቂት ይበልጣል ማለት ነው። የዕቃውን ስምና ብዛቱን ብቻ እንዲይዝ ወርዱን በግማሽ ካጠበቡት ግን አንድ መስመር ከሁለት ቁራጭ በላይ ያገኛል። ሰፊ ምስል በሚቀበሉት ሞዴሎችም ትርፉ በዚያው መጠን ነው። ሰዎች እንደሚያደርጉት ያነሰውን ፎቶ በፕሮግራም መልሶ ማሳደግ ግን አይጠቅምም፤ ፒክስል ይጨምራል እንጂ የጠፋውን የ8 ቅስት አያመጣም።

ፎቶው ከመጋዘን ሠራተኛ በቴሌግራም የሚመጣልዎት ከሆነ በተራ ፎቶ መልክ እንዳይልክ ይንገሩት፤ መተግበሪያው ከመላኩ በፊት ያሳንሰዋል፣ ይጨምቀዋልም። በፋይል ይላክ፤ እንዳለ ይደርሳል። ከቆርቆሮ ጣሪያ ሥር፣ አመሻሽ ላይ የሚነሡ ፎቶዎችም የራሳቸው ጣጣ አላቸው፤ የካርቦን ጽሑፍ ከወረቀቱ የሚለይበት ልዩነት ትንሽ ስለሆነ ደብዛዛ ብርሃን ጨርሶ ያጠፋዋል። በር ላይ ወጥቶ ማንሳት ከየትኛውም ትዕዛዝ አጻጻፍ ይበልጣል።

ሞዴሉንም «ደምር» አይበሉት። ድምር ብቻ ከጠየቁ የትኛውን መስመር እንደሳተ የሚያዩበት መንገድ የለዎትም። እያንዳንዱን መስመር እንዲጽፍ ያድርጉ፤ የዕቃ ስም፣ ብዛት፣ የአንዱ ዋጋ፣ ጠቅላላ ዋጋ፤ ያልተነበበውንም ባዶ እንዲተወው ይንገሩት። ዋጋዎቹ በሌላኛው ግማሽ ላይ ከሆኑ ያንን ግማሽ ለብቻው ያንሱና የመስመር ቁጥሩን አብረው ያስገቡ። ከዚያ ብዛትን በአንዱ ዋጋ በካልኩሌተርዎ ወይም በኤክሴል ያባዙ። 38 ተብሎ የተጻፈው 33 ሆኖ ከተነበበ ብዜቱ ከተጻፈው ጠቅላላ ጋር አይገጥምም፤ ስህተቱ ራሱን ያጋልጣል። ወረቀቱ ላይ ዋጋ ከሌለ፣ ያንኑ መስመር ፎቶውን ትንሽ ከፍ ዝቅ አድርገው በመቁረጥ በአዲስ ንግግር ሁለት ጊዜ ያስነብቡ። የቁራጮቹ መስመር ስለሚዛወር የተገመተ ቁጥር አብዛኛውን ጊዜ ይለወጣል። ሁለቱ ንባቦች ካልተስማሙ ሞዴሉን ዳኛ አያድርጉት፤ ወረቀቱን ራስዎ ይዩት። ተስማሙ ማለት ግን ፍጹም ዋስትና አይደለም፤ አንዳንድ ስህተት ሁለቴ ይደገማል።

ሁለት ነገሮች በዚህ ሁሉ ጥንቃቄም አይስተካከሉም። አንዱ ማኅተም ያረፈበት ቁጥር ነው፤ ሰማያዊው ቅስትና አኃዙ በተመሳሳይ ፒክስሎች ላይ ስለሚደራረቡ ቢቀርቡም ያው ነው። ሌላው የተከመረ ሲሚንቶ ፎቶ አንሥቶ ከረጢት ማስቆጠር ነው። ሞዴሉ በቁራጮቹ ውስጥ «ብዙ ከረጢት» የሚል ጠንካራ ፍንጭ ያገኛል እንጂ አንድ በአንድ የሚቆጥርበት አካሄድ የለውም፤ ጥቂት ከሆኑ ይሳካል፣ ሲበዙ ቁጥሩ ግምት ይሆናል። የቢጫው ሦስተኛ ቅጂ ብቻ ደርሶዎት ጽሑፉ ለእርስዎም ዓይን የሚያስቸግር ከሆነ፣ ፎቶ ማንሣቱን ይተዉት፤ ሾፌሩ ሳይሄድ ዋናውን አስወጥተው ቁጥሮቹን በእጅዎ ይመዝግቡ።